ሐብሉ ጠፍቷል፤ ማን ወሰደው? በምስለ ችሎት ለስርቆት ተከሳሽ የክርክር ማቆሚያ ንግግር እንዴት ይዘጋጃል

የሕግ ተማሪዎችን ለምስለ ችሎት ሳለማምድ አንድ ነገር ደጋግሞ ያናድደኛል። ተከላካይ የሆነው ተማሪ መስቀለኛ ጥያቄውን አሳምሮ ይጠይቃል። ምስክሩን ላብ በላብ ያደርገዋል። የክርክር ማቆሚያው ላይ ሲደርስ ግን ከቤቱ ጽፎ ያመጣውን ወረቀት ዘርግቶ ያነባል። ወረቀቱ የተጻፈው ምስክሩ ከመናገሩ በፊት ነው። ስለዚህ ከምስክሩ አፍ በስንት መከራ ያወጣው መልስ ወረቀቱ ላይ የለም። ዳኞቹም ሳይሰሙት ይቀራል።

ይሄ መመሪያ ያንን ለማስቀረት ነው። ነገሩ በደፈናው እንዳይሆን ለልምምድ የፈጠርኩትን አንድ መዝገብ ይዘን እንሄዳለን። ሰዎቹም ታሪኩም ፈጠራ ናቸው፤ ሕጉ ግን የራሳችን ነው።

መዝገቡ

ተከሳሿ ሰላም ትባላለች። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ቤት የቤት ሠራተኛ ናት። ደመወዟ በወር 3,500 ብር ነው። ክሱ የአሠሪዋን የወርቅ ሐብል ሰርቃለች የሚል ነው።

የግል ተበዳይዋ ቅዳሜ ከሠርግ ተመልሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ሐብሉን መኝታ ቤት መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡ። ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መሳቢያውን ሲከፍቱ የለም። ጎረቤት እሁድ ጠዋት ሰላም ፌስታል ይዛ “እየተጣደፈች” ስትወጣ አይታለች። ሰላም ሰኞ ዕለት 12,000 ብር በቴሌብር ለወንድሟ ልካለች። ፖሊስ ክፍሏን ሲፈትሽ ሐብሉን አላገኘም፤ ሳጥኗ ውስጥ ግን 3,000 ብር አገኘ።

በመከላከያ በኩል የቀረበው አንድ ምስክር ብቻ ነው፤ የእቁብ ጸሐፊው። 20 አባላት በወር 750 ብር ይጥላሉ። ቅዳሜ ዕጣው ለሰላም ወጣና 15,000 ብር ተቀበለች። ደብተሩም ቀርቧል። ችግሩ፣ ደብተሩ ላይ የሰላም ስም ፊት ለፊት ያለው ቀን ተሰርዞ በሌላ እስክሪብቶ ተጽፏል።

ዐቃቤ ሕግ ይህንን ሁሉ ሲደረድረው ያስፈራል። ደሃ ሠራተኛ፣ የጠፋ ወርቅ፣ ፌስታል፣ ድንገት የመጣ ገንዘብ። ታሪኩ ራሱን በራሱ የሚናገር ይመስላል።

መጀመሪያ፦ የምትከራከሩበትን አንድ ቦታ ምረጡ

የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 665 አውጡና ክፈሉት። ስርቆት ለመባል የሌላ ሰው የሆነ ተንቀሳቃሽ ዕቃ መኖር አለበት። ተከሳሹ ያንን ዕቃ መውሰድ አለበት። የወሰደውም ለራሱ ወይም ለሌላ ሰው የማይገባ ብልጽግና ለማስገኘት አስቦ መሆን አለበት። አንቀጽ 23 ደግሞ ሕጋዊው፣ ግዙፋዊውና ሞራላዊው ፍሬ ነገር ተሟልተው ካልተገኙ ወንጀል የለም ይላል። ስለዚህ አንዱ ከወደቀ ክሱ ይወድቃል።

አብዛኛው ተማሪ ይህን ሲያይ ሁሉንም ሊክድ ይነሳል። ሐብሉ መኖሩን እንኳን ይጠራጠራል። “የግዢ ደረሰኝ አልቀረበም” ይላል። ይሄ ያስጠላል። ሴትየዋ የሠርግ ሐብላቸው ጠፍቶባቸው ችሎት ፊት አልቅሰዋል። ዳኛው አምነዋቸዋል። እናንተ እሳቸውን ሐሰተኛ ስታደርጉ ዳኛው እናንተን ማመን ያቆማሉ።

የዚህ መዝገብ ጉድጓድ ያለው ሁለተኛው ፍሬ ነገር ላይ ነው። ሐብሉን ሰላም ስለመውሰዷ የቀረበ ቀጥተኛ ማስረጃ የለም። ሌላውን ልቀቁት። ሐብሉ ነበር፣ የእሳቸው ነበር፣ ጠፍቷል ብላችሁ እመኑ። ይህን በራሳችሁ አፍ ስታምኑ ክርክሩ ወደ አንድ ጥያቄ ይጠባል፤ ማን ወሰደው? የጭብጣችሁ ዓረፍተ ነገር ከዚህ ይወጣል፦

“ሐብሉ ጠፍቷል። ሰላም ስትወስደው ያየ ግን የለም፤ እጇ ላይም ያገኘው የለም።”

ይህን ዓረፍተ ነገር ወረቀታችሁ አናት ላይ ጻፉት። ከዚህ በኋላ የምትጽፉት ሁሉ እሱን የማያግዝ ከሆነ ይሰረዝ።

አንድ ወጥመድ ልንገራችሁ። “አልወሰደችም፤ ወስዳም ቢሆን ልትመልሰው አስባ ነው” የሚል አማራጭ ክርክር አታምጡ። በፍትሐ ብሔር የለመዳችሁት ነው። እዚህ ግን ሁለተኛው ግማሽ የመጀመሪያውን ይበላዋል። ዳኛው የሚሰሙት “ወስዳለች” የሚለውን ብቻ ነው።

ቀጥሎ፦ ቃሉን በሦስት ረድፍ ያዙ

ከችሎቱ በፊት የምታዘጋጁት ባዶ ሠንጠረዥ ነው እንጂ ንግግር አይደለም። አንድ ወረቀት በሦስት ረድፍ ክፈሉ። በመጀመሪያው ምስክሩ በዋና ጥያቄ ያለው፣ በሁለተኛው በመስቀለኛ ጥያቄ ያለው፣ በሦስተኛው ይህ ለጭብጣችሁ የሚሰጠው ጥቅም ይጻፋል። ሁለተኛውን ረድፍ የሚሞላው ከእናንተ ጎን የተቀመጠው የቡድን ጓደኛችሁ ይሁን። የምስክሩን ቃል እንዳለ ይጻፈው፤ በራሱ አባባል አያሳምረው።

በእኛ መዝገብ ሁለተኛው ረድፍ ላይ የሚከተለው ተገኘ እንበል። የግል ተበዳይዋ፦ “መሳቢያው ቁልፍ የለውም።” “እሁድ ከሰዓት የጽዋ ማኅበር ተራዬ ነበር፤ 14 ሰው መጥቷል።” “ሴቶቹ ቦርሳቸውን መኝታ ቤት አልጋ ላይ ነው ያስቀመጡት።” “ከቅዳሜ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት መሳቢያውን አላየሁም።” ጎረቤቷ፦ “ፌስታሉ ውስጥ ምን እንዳለ አላየሁም።” “እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድም ፌስታል ትይዛለች።” መርማሪው፦ “ወርቅ ቤቶችን አልጠየቅንም።” “እንግዶቹን ቃል አልተቀበልናቸውም።”

ይህ ረድፍ ነው ንግግራችሁ። በመዝገብ ያልገባ ነገር ግን አትጨምሩ። አንድ ተማሪዬ በጣም ጥሩ መስሎት “እሁድ ወርቅ ቤት ዝግ ነው፤ የት ትሸጠዋለች?” አለ። ዳኛዋ አቋርጠው “ይህን የተናገረው የትኛው ምስክር ነው?” ሲሉት ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ደቂቃ የለቅሶ ቤት ነበር። በመስቀለኛ ጥያቄ ያላወጣችሁትን በማቆሚያ ንግግር ልታወጡት አትችሉም።

ዋናው ሥራ፦ ሰንሰለቱን መፍታት

ዐቃቤ ሕግ ቀጥተኛ ማስረጃ ስለሌለው የአካባቢ ሁኔታ ማስረጃ ነው የያዘው። እንዲህ ያለ ማስረጃ እንደ ሰንሰለት ነው። ቀለበቶቹ ተያይዘው ወደ አንድ ሰው ብቻ ማመልከት አለባቸው። የእናንተ ሥራ እያንዳንዱን ቀለበት ይዞ “ይህ ነገር ሰላም ባትሰርቅም ይከሰት ነበር ወይ?” ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱ “አዎ” ከሆነ ቀለበቱ አይይዝም።

በየትኛው ትጀምራላችሁ? ብዙዎች በጊዜ ቅደም ተከተል ከፌስታሉ ይጀምራሉ። እኔ ከገንዘቡ ጀምሩ እላለሁ። ዳኛው ጭንቅላት ውስጥ የተቀመጠው እሱ ነው። “በ3,500 ብር ደመወዝ 12,000 ብር ከየት መጣ?” የሚለው ሳይመለስ ስለ ፌስታል ብታወሩ ማንም አይሰማችሁም።

ገንዘቡ ደግሞ የመዝገቡ ምርጥ ክፍል ነው። 12,000 ብር ለወንድሟ ተላከ። 3,000 ብር ሳጥኗ ውስጥ ተገኘ። ሁለቱን ደምሩ፤ 15,000 ብር ይሆናል። እቁቡ ስንት ነበር? 20 ሰው በ750 ብር፣ 15,000። ብር እንኳን አልጎደለም፣ አልተረፈም። 3,000 ብሩን ያመጣው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ሰላምን ለማጥመድ። አሁን ለእናንተ ይመሰክራል። እንዲህ ያለ ነገር ስታገኙ አትሩጡበት። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ጥሩ፤ ድምሩን ከእናንተ ቀድመው ዳኛው ይድረሱበት።

ፌስታሉ ላይ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ልማዷ ነው፤ በየእሁዱ ትይዛለች። ሁለተኛው ግን ይበልጣል። የጎረቤቷ ቃል የሚጠቅመው ሐብሉ ከእሁድ ጠዋት በፊት ተወስዶ ከሆነ ብቻ ነው። መቼ እንደተወሰደ ደግሞ ማንም አያውቅም። ከቅዳሜ ምሽት 4 ሰዓት እስከ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት 34 ሰዓት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ የግል ተበዳይዋ መሳቢያውን አላዩም። ሐብሉ እሁድ ከሰዓት እዚያው ተኝቶ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ጋ 14ቱ እንግዶች ይመጣሉ። ጥንቃቄ! “ከእነሱ አንዷ ሰርቃለች” አትበሉ። ይህን ስትሉ በራሳችሁ ላይ የማስረዳት ሸክም ትጭናላችሁ። ዳኛውም “የትኛዋ?” ይላሉ። የምትሉት “በሩ ለሰላም ብቻ አልተከፈተም፤ ፖሊስም ሌላውን አልጠየቀም” ብቻ ነው። እዚያ አቁሙ።

የተሰረዘው ቀን

የእቁብ ደብተሩን ስርዝ ችላ ብላችሁ ማለፍ ያምራችኋል። ዐቃቤ ሕግ ቀድሞ ስለሚናገር አንስቶታል ብላችሁ ቁጠሩ። እናንተ ካላነሳችሁት የሚቀረው የሱ አባባል ነው፤ “ደብተሩ የተቀነባበረ ነው።”

ስለዚህ ራሳችሁ አንሱት። ቦታው ግን ከድምሩ በኋላ ነው። መጀመሪያ ላይ ካነሳችሁት ሰበብ ይመስላል። መጨረሻ ላይ ካነሳችሁት ደግሞ ዳኛው ይዘውት የሚወጡት እሱን ይሆናል። መሀል ላይ፣ በአጭሩ፦ ቀኑ ተሰርዟል፣ ጸሐፊው በስህተት የሚቀጥለውን ወር ቀን ጽፌ አረምኩት ብሏል፣ ደብተሩን ባታምኑት እንኳን 3,000 ብሩን ያገኘው ፖሊስ ነው። ጸሐፊው ሳጥኗ ውስጥ ስንት ብር እንደሚገኝ ሊያውቅ አይችልም።

“ስርዙ ምንም አይደለም” አትበሉ። ነገር ነው። ግን ክሱ በእሱ ብቻ አይቆምም።

ሕጉን በሁለት ዓረፍተ ነገር

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 ተከሳሽ ጥፋተኛ ካልተባለ በቀር እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህን ጥቀሱ፣ እለፉ። ዳኛው ያውቁታል።

ሊብራራ የሚገባው ሌላ ነገር ነው። ፍርድ ቤቱ የዐቃቤ ሕግን ማስረጃ ሰምቶ “ትከላከል” ብሏል። ይህ ብይን የተሰጠ ጊዜ ብዙ ተማሪ፣ አንዳንድ ባለሙያም ጭምር፣ ከአሁን በኋላ ተከሳሿ ንጽሕናዋን ማስረዳት አለባት ብሎ ያስባል። አይደለም። ብይኑ መልስ የሚያሻው ነገር አለ ማለት ነው። ጥፋተኛነትን የማስረዳቱ ሸክም ከዐቃቤ ሕግ ትከሻ አልወረደም። የሰላም መልስ በዐቃቤ ሕግ ታሪክ ላይ በቂ ጥርጣሬ ከፈጠረ ሥራውን ጨርሷል።

ስለ ሰላም ድህነት፣ ስለ ታመመች እናቷ ደግሞ እዚህ አታውሩ። ይህ የቅጣት ማቅለያ ነው፤ የሚነገረው የጥፋተኛነት ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ነው። አሁን ከተናገራችሁት “ሰርቃለች፣ ግን እዘኑላት” ማለት ነው። በዚያ ላይ ድህነቷ የዐቃቤ ሕግ መነሻ ምክንያት ነው። ለምን ታግዙታላችሁ?

ሲገጣጠም

እኔ ረጋ ብዬ ስናገር በደቂቃ 90 ያህል ቃል ነው የምለው። የራሳችሁን በሰዓት ለኩ። ከዚህ በታች ያለው ማሳያ ሁለት ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ሰፋ ያለ ጊዜ ካላችሁ የምስክሮቹን ቃል ጨምሩበት።

“ክቡር ፍርድ ቤት፣ ሐብሉ ጠፍቷል። የግል ተበዳይዋ እውነታቸውን ነው፤ እኛም አንክድም። የክርክሩ ጥያቄ አንድ ነው። ማን ወሰደው? ሰላም ስትወስደው ያየ የለም፤ እጇ ላይም ያገኘው የለም።

ዐቃቤ ሕግ 12,000 ብር ከየት መጣ ብሎ ይጠይቃል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን ራሱ አምጥቶታል። 12,000 ብር ለወንድሟ ተልኳል። 3,000 ብር ፖሊስ ከሳጥኗ አንስቷል። ሰላም ቅዳሜ የወጣላት እቁብ፣ 20 አባላት፣ በነፍስ ወከፍ 750 ብር… ፍርድ ቤቱ ይደምረው።

በደብተሩ ላይ ቀኑ ተሰርዟል። አዎ። ጸሐፊው ስህተቱን አምኖ ምክንያቱን ተናግሯል። ነገር ግን 3,000 ብሩን ያስቀመጠው ጸሐፊው አይደለም። ያገኘው ፖሊስ ነው። ቁጥሩ ከደብተሩ ጋር የገጠመው በማን ቅንብር ነው?

ጎረቤት ፌስታል አይታለች። በየእሁዱም ታያለች። ውስጡን ግን አላየችም። ያን ሰዓት ሐብሉ መሳቢያው ውስጥ ይኑር አይኑር የሚያውቅ ሰው በዚህ ችሎት ቀርቦ አልመሰከረም። የግል ተበዳይዋ ለ34 ሰዓት መሳቢያውን አላዩም። መሳቢያው ቁልፍ የለውም። በዚያ 34 ሰዓት ውስጥ 14 ሰው ወደዚያ ቤት ገብቷል፤ ቦርሳም እዚያው መኝታ ቤት ተቀምጧል። እኛ ማንንም አንከስም። ፖሊስ ግን ማንንም አልጠየቀም።

ድሮ ዕቃ ሲጠፋ ሌባሻይ ይጠራ ነበር። ልጁ መድኃኒት ጠጥቶ ይሮጣል፤ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። በዚህ መዝገብም ጣቱ የወደቀው ቅርብ የተገኘችው ላይ ነው።

ትከላከል ተብላ ተከላክላለች። መልሷም በዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ጭምር ተደግፏል። ዐቃቤ ሕግ መውሰዷን ከበቂ ጥርጣሬ በላይ ስላላስረዳ ፍርድ ቤቱ ሰላምን በነፃ እንዲያሰናብትልን እንጠይቃለን።”

ሌባሻይዋን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተጠቀምኩት። አንዳንድ ተማሪ በበላ ልበልሃ ስልት ቤት እየመታ ሊከራከር ይፈልጋል። ደስ ይላል፤ ግን ዳኛ ፊት አንድ ምስል ይበቃል። ሁለተኛው ቲያትር ይሆናል። “እኔ በበኩሌ ንጹሕ መሆኗን አምናለሁ” የሚለውም ይቅር። የእናንተ እምነት ማስረጃ አይደለም።

ልምምዱ

ንግግሩን ቃል በቃል አትሸምድዱ። መግቢያውንና የመጨረሻውን ጥያቄ ብቻ በቃላችሁ ያዙ። መሀሉ በአንዲት ካርድ ላይ አምስት ቃል ይሁን፦ ገንዘብ፣ ስርዝ፣ ፌስታል፣ 34፣ ትከላከል። ምስክሩ ችሎት ላይ ያልጠበቃችሁትን ከተናገረ በካርዱ ጎን ጻፉት።

ለዐቃቤ ሕግ የመልስ ዕድል የሚሰጥ ደንብ ስላለ የውድድሩን ደንብ ቀድማችሁ አንብቡ። ዕድሉ ካለው ስርዙ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ፤ የሚመለሰው ወደዚያው ነውና።

የመጨረሻው ልምምድ በመቋረጥ ነው። ጓደኛችሁ ዳኛ ሆኖ መሀል ላይ “ደብተሩ ተሰርዟል እኮ!” ይበላችሁ። የሚደነግጥ ተማሪ “ወደዚያ እመጣለሁ” ይላል። አትበሉ። ካርዱን አስቀምጡና “አዎ ክቡር ፍርድ ቤት፣ ተሰርዟል” ብላችሁ ጀምሩ፤ ከዚያ ቀጥታ ወደ 3,000 ብሩ ሂዱ።